የተጣበቀ የላፕቶፕ ቁልፍ ማጠፊያው ሳይሰበር እንዴት ይነቀላል?

የላፕቶፕ ቁልፍ ሲጣበቅ የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ቢላ ነው። የቢላውን ጫፍ ከሥር ያስገባል፣ ወደ ላይ ይፈነቅላል፣ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ቁልፉ ተነሥቷል። ግን አብሮት ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ የፕላስቲክ ጫፍ ተሰብሯል። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ወደ ቦታው ቢመለስም አንድ ጎኑ ይወላገዳል፣ ወይም በየሁለት ቀኑ ተነቅሎ ይወድቃል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በምኖርበት ኔዘርላንድ፣ በሰፈራችን ሪፔር ካፌ መጥተው አብረውን ለሚቀመጡ ጀማሪዎች ነው። ሪፔር ካፌ እዚሁ አገር፣ አምስተርዳም ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነገር ነው። ዕቃችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ በራሳችሁ እጅ ትጠግናላችሁ። ለዚህም ነው እዚህ ሁሉንም ነገር ቀስ ብዬ የምዘረዝረው። መሣሪያውን የምትይዙት እናንተ ናችሁ።

ከቁልፉ ሥር ምን አለ?

እንነቅላለን የምንለው ፊደሉ የተጻፈበትን ክዳን ብቻ ነው። ከክዳኑ ሥር ማጠፊያ አለ። ማጠፊያው እንደ መቀስ የተጠላለፉ ሁለት ስስ የፕላስቲክ ክፈፎች ነው። ከጎን ስታዩት የ"X" ቅርጽ አለው። ቁልፉን ስትጫኑ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ስትለቁ ተመልሶ ይቆማል። በመሐሉ ትንሽ የጎማ ጉልላት አለች። ቁልፉን ወደ ላይ የምትመልሰው እሷ ናት። ከጎማዋ ሥር ስስ የፕላስቲክ ሉህ፣ ከሉሁ ሥር ደግሞ የብረት ዝርግ አለ። የማጠፊያው የታችኛው ጫፎች የሚያዙት ከዚያ ብረት በወጡ ትንንሽ መንጠቆዎች ነው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ክዳኑ ማጠፊያውን በአራት ቦታ ይይዘዋል፤ አራቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንዱ ጎን ያሉት ሁለቱ ጠበብ ያለ አፍ ያላቸው ክብ ጉድጓዶች ናቸው። የማጠፊያው ጫፍ ተጭኖ "ጠቅ" ብሎ ይገባባቸዋል። ይህን ጎን "ጠቅ የሚለው ጎን" እንበለው። በተቃራኒው ጎን ያሉት ሁለቱ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ክፍት የሆኑ መንጠቆዎች ናቸው። የማጠፊያው ጫፍ እዚያ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። መንሸራተቱ የግድ ነው፤ መቀሱ ሲጠፈጠፍ ጫፎቹ ስለሚራራቁ ቦታ ይፈልጋሉ። ይህ "የሚንሸራተተው ጎን" ነው።

ጠቅ የሚለው ጎን ወደ ላይ ሲሳብ ይለቃል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። የሚንሸራተተው ጎን ግን ወደ ላይ ሲሳብ በፍጹም አይለቅም። መንጠቆው ጫፉን ከሥር አቅፎ ይዞታል። በጉልበት ከሳባችሁት ወይ መንጠቆው፣ ወይ የማጠፊያው ጫፍ ይሰበራል። እስካሁን በጠረጴዛችን ላይ ካየኋቸው የተሰበሩ ማጠፊያዎች የአብዛኞቹ ታሪክ ይኸው ነው፦ ከተሳሳተው ጎን መፈንቀል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የነቀልኩት ቁልፍ የተሰበረብኝ በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ጠቅ የሚለው ጎን የቱ ነው? የላይኛው ወይስ የታችኛው? እንደ ላፕቶፑ ሞዴል ይለያያል። በአንዱ ወደ ስክሪኑ በኩል ያለው ጠርዝ ነው፣ በሌላው ወደ እናንተ ያለው ነው። በአንዳንዱም በግራ ወይም በቀኝ ይሆናል። ስለዚህ "ሁልጊዜ ከላይ አንሡ" የሚል ምክር ከሰማችሁ አትመኑት። የራሳችሁን ኪቦርድ ማንበብ አለባችሁ፤ እንዴት እንደሚነበብ ትንሽ ቆይቼ አሳያለሁ።

ይህ መመሪያ የማይሠራባቸው

ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በወጡ ብዙ ማክቡኮች ላይ ያለው ማጠፊያ እንደ መቀስ የተጠላለፈ ሳይሆን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚዘረጋ ነው። በጣም ስስና ተሰባሪ ስለሆነ ጀማሪ ባይነካው ይሻላል። ስፔስ፣ ኢንተር፣ ሺፍትና ባክስፔስም ለመጀመሪያ ቀን አይሆኑም። ከሥራቸው ቀጭን የብረት ሽቦ አለ። ሽቦው የሚያዝባቸው የራሱ መንጠቆዎች ስላሉት አነሣሡ ሌላ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ተራ ፊደል ቁልፍ ነው።

ዝግጅት

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ስክሪኑን መክደን ማጥፋት አይደለም። ቻርጀሩን ንቀሉ። ከውጭ ብርድ ይዛችሁት ከገባችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቤት ውስጥ ይቆይ፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ሳይታጠፍ ነው የሚሰበረው። ከመጀመራችሁ በፊት የኪቦርዱን ፎቶ አንሡ። ሥራውን ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ፣ ነጭ ፎጣ አንጥፋችሁ ሥሩ። ማጠፊያ ሲለቅ የመዝለል ጠባይ አለው፤ ምንጣፍ ላይ ከወደቀ መፈለጉ ከጥገናው ይበልጣል።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። ሁለት የጊታር መምቻ፣ ወይም ጊዜው ካለፈበት የኤቲኤም ካርድ ተቆርጠው ጠርዛቸው በአሸዋ ወረቀት የሳሱ ሁለት ቁራጮች። ስቴኪኒ። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ። ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል። የስልካችሁ መብራት። ወረንጦ ካለ ጥሩ ነው፣ ግን የተላቀቀ ነገር ለማንሣት እንጂ ለመፈንቀል አይደለም። ቢላ፣ ምላጭና ካቻቢቴ ከጠረጴዛው ይራቁ። ብረት ከፕላስቲኩ ስለሚጠነክር የሚሸነፈው ሁልጊዜ ፕላስቲኩ ነው፤ ሲያዳልጥም ከሥር ያለውን ሉህ ይበሳል።

ቁልፉ የተጣበቀው በምንድን ነው?

በቅርቡ አንዲት እናት ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። የእድራቸውን ቃለ ጉባኤ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሻይ ፈስሶባቸው ነበር፤ ስኳር ያለው ሻይ። ላፕቶፑ ደህና ነው፣ የ E ቁልፍ ግን ወርዶ ይቀራል። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ለሚጽፍ ሰው E ስትሞት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። selam ብለው ሲጽፉ የሚወጣው slam ነው፣ ስክሪኑ ላይም "ሰላም" ሳይሆን "ስላም" ይነበባል። "ልጄ፣ ጉባኤው ሁሉ ስላም ስላም ሆነብኝ" አሉኝ።

መጀመሪያ ቁልፉን በጣታቸው አራቱም ጥግ ላይ ቀስ ብለው እንዲጫኑት አደረግሁ። ይህን እናንተም አድርጉ። ቁልፉ ወርዶ እንደ ማር እየተጎተተ ቀስ ብሎ ከተመለሰ የስኳር ሥራ ነው። ከነጭራሹ የማይወርድ ወይም ግማሽ መንገድ ላይ ደርቆ የሚቆም ከሆነ ከሥሩ ፍርፋሪ ገብቷል። አንዱ ጥግ ከሌሎቹ ዝቅ ካለ ወይም ከተንቀጠቀጠ ማጠፊያው አስቀድሞ ከመንጠቆው ወጥቷል ማለት ነው። የእሳቸው እየተጎተተ ነበር የሚመለሰው።

ፍርፋሪ ከሆነ ከመንቀላችሁ በፊት ላፕቶፑን ገልብጣችሁ ከጀርባው በቀስታ መታ መታ አድርጉት። ብዙ ጊዜ ሳይነቀል ይወጣል።

ስኳር ከሆነ ግን መንቀል ከመጀመራችሁ በፊት ማላላት አለባችሁ። የደረቀ ስኳር ሙጫ ነው። ክዳኑን ከማጠፊያው፣ ማጠፊያውንም ከብረቱ ጋር አጣብቆ ይይዛል። በዚያ ላይ ከሳባችሁ ትክክለኛውን ጎን ብትይዙ እንኳ የሚለቀው ሙጫው ሳይሆን የማጠፊያው ጫፍ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አልኮሉ ላይ ነው። "ጠንካራው ይሻላል" ብለው 99 በመቶ የሆነውን ይገዛሉ። ስኳር ግን የሚሟሟው በውኃ ነው፤ ንጹሕ አልኮል ስኳርን አይነካውም ማለት ይቻላል። 70 በመቶ የሚለው ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ውኃ ነው። ስኳሩን የሚያሟሟው ያ ውኃ ነው፣ አልኮሉ ደግሞ ቶሎ እንዲደርቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ለሻይና ለለስላሳ 70ው ይመረጣል። የእጅ ማጽጃ ጄል አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ማወፈሪያ እዚያው ይቀራል። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ ክዳኑን ራሱን ያቀልጠዋል።

የጆሮ መጥረጊያውን ጥጥ በአልኮሉ አርጥቡትና ጨመቅ አድርጉት። መንጠባጠብ የለበትም። ላፕቶፑን አዘንብላችሁ ያዙ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ጠርዝ እንዲሄድ። ጥጡን በቁልፉ አራት ጎኖች ክፍተት ላይ አዙሩት። ቁልፉን አሥር ጊዜ ያህል ወደ ታች እየተጫናችሁ ልቀቁ። አምስት ደቂቃ ጠብቁና ድገሙ። የእሳቸው በሦስተኛው ዙር ፈጠን ብሎ መመለስ ጀመረ። አንዳንዴ እዚህ ላይ ችግሩ ያልቃል፣ መንቀልም አያስፈልግም። የእሳቸው ላላ እንጂ አልዳነም። አልኮል ተቀጣጣይ ነው፤ በአጠገባችሁ ሻማም ሲጋራም አይኑር፣ መስኮትም ይከፈት። በፀጉር ማድረቂያ ሙቅ አየር ለማፍጠንም አትሞክሩ።

ኪቦርዱን ማንበብ

አሁን የታመመውን ቁልፍ ተዉት። መጀመሪያ የምትነቅሉት ጤነኛ ቁልፍ ነው። ብዙም የማትጠቀሙበት፣ ስፋቱ ግን ከታመመው ጋር እኩል የሆነ። እኛ የመረጥነው ] ን ነበር። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ስኳር ያልያዘው ስለሆነ ማጠፊያው እንዴት እንደተሠራ በግልጽ ያሳያችኋል። ሁለተኛ፣ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ቁልፎች ብዙ ጊዜ ማጠፊያቸው አንድ ዓይነት ነው። የ E ማጠፊያ ተሰብሮ ቢገኝ ከ ] ሥር መበደር ትችላላችሁ ማለት ነው።

የስልኩን መብራት ከጎን በኩል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። የጊታር መምቻውን ከላይኛው ጠርዝ ሥር፣ ወደ ጥጉ ጠጋ አድርጋችሁ አስገቡ። ከሦስት ሚሊሜትር በላይ አይግባ። ከዚያ ጠርዙን የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ አንሡና እጃችሁ ምን እንደተሰማው አስተውሉ። ክዳኑ እንደ ስፕሪንግ ትንሽ እሺ ካለና ሊለቅ እንደሆነ ከተሰማችሁ፣ ጠቅ የሚለው ጎን ሊሆን ይችላል። ማጠፊያው አብሮ ተጎትቶ ቀጥ ብሎ ከቆመና እንቢ ካለ፣ የሚንሸራተተው ጎን ነው። ያኔ አትጨምሩ። መልሳችሁ አውርዱትና ከታችኛው ጠርዝ ሞክሩ፤ እሱም እንቢ ካለ ግራና ቀኝን። በመብራቱም ተመልከቱ፦ የማጠፊያው ጫፍ በክብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ ይታያል፣ ወይስ በክፍት መንጠቆ ውስጥ?

አነሣሡ

ጠቅ የሚለውን ጎን ካወቃችሁ በኋላ መምቻውን በዚያ ጎን አንደኛው ጥግ ላይ አድርጉ። ወደ ላይ አትሳቡ፤ መምቻውን እንደ በር ቁልፍ በቀስታ አዙሩት። ለስለስ ያለ "ጠቅ" ትሰማላችሁ። አንዱ ጫፍ ለቋል። መምቻው እዚያው ይቆይ። ሁለተኛውን መምቻ በዚያው ጎን ሌላኛው ጥግ አስገቡና እንዲሁ አድርጉ። ሁለተኛ "ጠቅ"። አሁን የክዳኑ አንድ ጎን ነጻ ነው።

ብዙ ሰው ማጠፊያውን የሚሰብረው እዚህ ነው። አንዱ ጎን ሲለቅ ደስ ብሎት ክዳኑን እንደ ድስት ክዳን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ክዳኑ ከ30 ዲግሪ በላይ መነሣት የለበትም። ከዚያ ካለፈ በሚንሸራተተው ጎን ያሉት መንጠቆዎች የማጠፊያውን ጫፍ መጠምዘዝ ይጀምራሉ። በዚያ ዝቅተኛ አቋም ላይ እንዳለ ክዳኑን በሁለት ጣት ያዙና አግድም አንሸራቱት። ወደየት? መንጠቆው ክፍት ወደሆነበት ተቃራኒ። ካልታያችሁ አንድ ሚሊሜትር ወደዚህ፣ አንድ ሚሊሜትር ወደዚያ ሞክሩ። በትክክለኛው አቅጣጫ ያለ ምንም ጉልበት ይወጣል።

የፕላስቲኩን ቀለም ተከታተሉ። ማጠፊያው መታጠፊያው ላይ ነጣ ነጣ ካለ እየተሰበረ ነው። ወዲያው ልቀቁት።

] ን በዚህ መንገድ ካወጣን በኋላ ክዳኑን ገልብጠን አየን። ሁለቱ ክብ ጉድጓዶች ወደ ስክሪኑ በኩል ነበሩ፣ ክፍቶቹ መንጠቆዎች ወደ እኛ። ያን ሳይ "አሁን E ን እርስዎ ያንሡት" አልኳቸው። እጃቸው ትንሽ ቢንቀጠቀጥም ሁለቱንም "ጠቅ" አሰሙ፣ ክዳኑንም ወደ ስክሪኑ ገፍተው አወጡት። ከሥሩ ቡኒ የሻይ ቀለበት ነበር።

አንዳንዴ ማጠፊያው ከክዳኑ ጋር ተያይዞ ይመጣል። አትደንግጡ፤ ይህ ስብራት አይደለም። ከብረቱ መንጠቆ ወጣ እንጂ አልተሰበረም። ክዳኑን ገልብጣችሁ በስቴኪኒ ጠቅ ካለው ጎን አላቁት፣ ከዚያ አንሸራታችሁ አውጡት። አራቱን የክዳን ጫፎችና የታች ጫፎቹን በመብራት ቁጠሩ። ሁሉም ካሉ ደህና ነው።

ማጽዳት

የጎማ ጉልላቷን አትንቀሏት። ከሉሁ ጋር በስስ ሙጫ ተያይዛለች፤ ከተነሣች መልሶ በትክክለኛው ቦታ መለጠፍ ከባድ ነው። በዙሪያዋ ብቻ በእርጥብ ጥጥ ጥረጉ። በእሷ አጠገብ ክብ አድርጋችሁ ሳይሆን ከእሷ ወደ ውጭ ጥረጉ፤ ጠርዟን እንዳታነሡ። በብረቱ መንጠቆዎች ውስጥ የደረቀውን ስኳር በስቴኪኒ ጫፍ አውጡ። ማጠፊያው የሚንሸራተተው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ቅሪት እንኳ ቁልፉን መልሶ ያዘገየዋል። ክዳንና ማጠፊያውን ለብቻ በለብታ ውኃ ማጠብ ይቻላል። ከዚያ ሁሉም ይድረቅ፤ እኛ አንድ ሰዓት ሰጠነው።

መመለስ

ማጠፊያው ከብረቱ ወጥቶ ከነበረ መጀመሪያ እሱ ይመለሳል። ክዳኑ ላይ ገጥማችሁ አብራችሁ ለመጫን አትሞክሩ። ማጠፊያውን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ የሚንሸራተቱትን ጫፎች ከመንጠቆዎቹ ሥር አስገቡ፣ ከዚያ ሌሎቹን በስቴኪኒ ገፋ አድርጉ። አቀማመጡን ከተጠራጠራችሁ ጎረቤት ቁልፍን በመብራት ተመልከቱ። ማጠፊያውን በጣት ስታነሡትና ስታወርዱት ሁለቱ ክፈፎች እኩል ከሄዱ በትክክል ገብቷል።

ክዳኑ የሚመለሰው በአወጣጡ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ የሚንሸራተተውን ጎን በመንጠቆዎቹ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ክዳኑን አስተኝታችሁ ጠቅ የሚለውን ጎን በአውራ ጣት አንዱን ጥግ፣ ቀጥሎ ሌላውን ተጫኑ። ሁለት "ጠቅ" መሰማት አለበት። አንድ ብቻ ከሰማችሁ አንዱ ጫፍ ከጉድጓዱ ውጭ ነው። በዚያ ላይ ደጋግሞ መጻፍ ጫፉን ይሰብረዋል፤ አውጥታችሁ እንደገና ግጠሙት። መሃሉን በኃይል መምታት ምንም አይጠቅምም።

ከዚያ አራቱን ጥጎች አንድ በአንድ ተጫኑ። አራቱም እኩል መውረድና እኩል መመለስ አለባቸው።

አንድ ጫፍ ተሰብሮ ካገኛችሁ በሱፐር ግሉ አትለጥፉት። መዞር ያለበትን ነገር ያደርቀዋል፤ ፈስሶም ጎማዋ ሥር ይገባል። ከ ] ሥር ያለውን ማጠፊያ ወደ E አዛውሩ። የተሰበረው የብረቱ መንጠቆ ከሆነ ግን ቁልፉን ማዳን አይቻልም፤ ኪቦርዱ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ቁልፉ በትክክል ገብቶ፣ በደንብ እየወረደና እየተመለሰ ፊደሉ የማይወጣ ከሆነም ጉዳቱ ሉሁ ውስጥ ስለሆነ ክዳን በመንቀል አይድንም።

የእኛ ማጠፊያ አልተሰበረም። እሳቸው ላፕቶፑን አብርተው ቃለ ጉባኤያቸውን ከፈቱ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው selam ብለው ጻፉ። "ሰላም" ወጣ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሰው ሁለት ገጽ ሙሉ "ስላም" የተባለውን አንድ በአንድ ማረም ጀመሩ።